ከአራት ጨዋታ ሦስቱ ሲገቡ ለምን ሦስት አራተኛው ብር አይመጣም?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ቤቲንግ ነው። «ቲቸርም ጀመረው እንዴ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ፤ አልጀመርኩም። ግን ከገርጂ እስከ ጃክሮስ፣ ከሰሚት እስከ አያት በታክሲ ስመላለስ ከኋላ ወንበር የሚወራውን እሰማለሁ። አሁን አሁን ወሬው ስለ «ሲስተም» ሆኗል። «አንድ ቢበላብህ እንኳ ችግር የለውም፣ ሲስተም ነው» ይባላል። ይሄ «ችግር የለውም» የሚለው ነገር በወረቀት ላይ ሲሰላ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። የሂሳብ አስተማሪ ነኝና ስለ ሌላው ነገር ሌላ ሰው ይምከራችሁ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ቅዳሜ ማታ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የላከልኝ የትኬት ፎቶ ነው። ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ አሁን ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ጎሚስታ ቤት ይሠራል። ከፎቶው ሥር «ቲቸር፣ ይቺን ይዩልኝ እስቲ፤ ሌቦች ናቸው!» ይላል። ደወልኩለት። አራት ጨዋታ መርጦ ያንኪ ቆርጧል፣ የከፈለው 220 ብር ነው። ትኬቱ ላይ «ከፍተኛ ክፍያ 1385.14» ተብሎ ታትሟል። ከአራቱ ሦስቱ ገቡለት፣ አንዱ ተበላ። እሱ በጭንቅላቱ ያሰላው እንዲህ ነው፦ ከአራት ሦስት ማለት ሦስት አራተኛ፣ የ1385 ሦስት አራተኛ ደግሞ ወደ 1038 ብር። ካሸሯ የቆጠረችለት 329 ብር ከሳንቲም ነው። 700 ብር የበላችው መሰለውና እዚያው አፍ ተካፈሉ። ነገ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ሊመለስ ነበር።

ካሸሯ ደግሞ ልጅ ናት፤ እሷም ደመወዝተኛ ናት። ስለዚህ «ነገ ከመሄድህ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ» አልኩት። በስልክ የሠራነውን ነው አሁን የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ትኬቱ ምን እንደሆነ እንወቅ። የተለመደው፣ ጨዋታ ደርድረን የምንቆርጠው ትኬት አንድ ውርርድ ነው፤ ሁሉም መግባት አለባቸው፣ አንድ ከተበላ ትኬቱ ወረቀት ነው። ሲስተም ግን አንድ ውርርድ አይደለም። ብዙ ትንንሽ ትኬቶች በአንድ ወረቀት ላይ ታትመው ማለት ነው። ትሪክሲ የሚባለው ከሦስት ጨዋታ የሚሠራ ነው። ሦስቱን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብታጣምሩ ሦስት ጥንድ ይወጣል፤ ሦስቱም አንድ ላይ ደግሞ አንድ ባለሦስት። ድምሩ አራት ውርርድ። ያንኪ ከአራት ጨዋታ ነው፦ ስድስት ጥንድ፣ አራት ባለሦስት፣ አንድ ባለአራት፤ በድምሩ አሥራ አንድ። እነዚህ ስሞች ከእንግሊዝ አቋማሪ ቤቶች የመጡ ናቸው። ሲቀጥል ባለአምስቱ ካናዲያን ይባላል፣ 26 ውርርድ ነው፤ ባለስድስቱ 57 ውርርድ ስላለው ጠርሙሱ ላይ «57 ዓይነት» እያለ ካቻፕ በሚሸጠው ኩባንያ ስም ሄንዝ ብለውታል። (አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ «ይሄ ምን ይጠቅመናል?» ያላችሁኝ የኮምቢኔሽን ምዕራፍ ማለት ይሄው ነው።)

ስለዚህ የተማሪዬ 220 ብር አንድ ላይ የተቀመጠ 220 ብር አይደለም። አሥራ አንድ ጊዜ 20 ብር ነው። እያንዳንዱ 20 ብር የራሱ ጥንድ ወይም የራሱ ባለሦስት ላይ ተቀምጧል፣ ጎረቤቱ ምን እንደደረሰበት አያውቅም። የአከፋፈሉ ነገር ሁሉ የሚፈታው እዚህች ጋ ነው።

የጨዋታዎቹ ኦድ 1.80፣ 2.10፣ 1.65 እና 2.40 ነበር። የተበላው 2.40ው ነው። አሁን እሱ ያለባቸውን ውርርዶች በሙሉ ሰርዙ። ከስድስቱ ጥንድ ሦስቱ ሄዱ። ከአራቱ ባለሦስት ሦስቱ ሄዱ። ባለአራቱም ሄደ። አንድ ጨዋታ ብቻ ተበልቶ ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ሞቱ ማለት ነው። የተረፉት አራት ናቸው፦

1.80 × 2.10 = 3.78
1.80 × 1.65 = 2.97
2.10 × 1.65 = 3.465
1.80 × 2.10 × 1.65 = 6.237

ድምሩ 16.452። በ20 ብር ሲባዛ 329.04። ካሸሯ የቆጠረችው ይሄንኑ ነው፣ ሳንቲሙ ሳይቀር።

ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እና 1385ቷ የት ገባች?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። 1385ቷ ከአሥራ አንዱም ውርርድ የተሰበሰበች ናት። አራቱም ቢገቡ ኖሮ ስድስቱ ጥንዶች 470.70 ብር፣ አራቱ ባለሦስቶች 615.06 ብር፣ ባለአራቱ ብቻውን 299.38 ብር ያመጡ ነበር። ትልልቆቹ ቁጥሮች ያሉት ብዙ ጨዋታ የተባዛባቸው ውርርዶች ላይ ነው፤ አንድ ጨዋታ ሲበላ ቀድመው የሚሞቱትም እነሱው ናቸው። ለዚህ ነው ከአራት ሦስት አግኝቶ ከትልቁ ቁጥር ሩቡ እንኳ ያልሞላለት።

ይሄን ሁሉ መስመር በመስመር መጻፍ ለሚሰለቸው አቋራጭ አለ። ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ምሳሌው ርዕሰ መምህሩ ጋ ያስጠራኛል። በእያንዳንዱ የገባ ኦድ ላይ 1 ደምሩ፣ ሁሉንም አባዙ፣ ከውጤቱ ላይ 1 ቀንሱ፣ የገቡትን ኦዶች ድምርም ቀንሱ። በእሱ ትኬት፦

2.80 × 3.10 × 2.65 = 23.002
23.002 − 1 − (1.80 + 2.10 + 1.65) = 16.452

ያው ቁጥር መጣ። ለምን እንደሚሠራ ማወቅ ለሚፈልግ፦ ቅንፎቹን ስትዘረጉ ከእያንዳንዱ ቅንፍ ወይ 1ን ወይ ኦዱን ትመርጣላችሁ፤ ስለዚህ ሊኖር የሚችለው ጥምረት ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ይወጣል። ትሪክሲና ያንኪ ግን ነጠላ ጨዋታ ላይ ውርርድ የላቸውም። ስለዚህ ነጠላዎቹን፣ ምንም ያልተመረጠበትን 1ንም እናወጣለን። የተበላ ጨዋታ ኦዱ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ሲደመር 1 አንድ ስለሚሆን ብዜቱን አይነካውም፣ ዝም ብላችሁ ዝለሉት።

አንድ መጠንቀቂያ እዚህ ጋ ላስገባ። የተላለፈ ወይም የተሰረዘ ጨዋታ የተበላ ጨዋታ አይደለም። በተለመደው ደንብ ኦዱ 1.00 ሆኖ ይቆጠራል። የተማሪዬ አራተኛ ጨዋታ ተበልቶ ሳይሆን ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ ስሌቱ 2.80 × 3.10 × 2.65 × 2.00 ይሆናል፣ እሱም 46.004 ነው። ከዚያ ላይ 1 እና የአራቱን ኦድ ድምር 6.55 ስትቀንሱ 38.454፤ በ20 ብር 769.08 ይመጣል። ከ329.04 ጋር አወዳድሩት። ካሸር ጋ ሄዶ መጠየቅ ተገቢ የሚሆነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ ያውም የቤቱን ደንብ አንብባችሁ፣ ምክንያቱም የተላለፈ ጨዋታ ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን እንደሚጠበቅ የሚወስነው የቤቱ ደንብ ነው።

አሁን ወደ ታክሲው ወሬ ልመለስ። «አንድ ቢበላ ችግር የለውም» ለሚለው።

ለተማሪዬ ሦስት ገብቶለት 220 ከፍሎ 329 ወሰደ፣ 109 ብር አተረፈ። እውነት ነው። ግን ሁለት ጨዋታ ብቻ ገብተውለት ቢሆንስ? ሁለት ሲገቡ ከአሥራ አንዱ የሚተርፈው አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ትልቁ ጥንዱ 2.10 እና 2.40 ነው፣ ብዜታቸው 5.04፣ በ20 ብር 100.80። ትንሹ 1.80 እና 1.65 ነው፣ 59.40 ብር። ማለትም ግማሹን በትክክል ገምቶ ከከፈለው ከግማሽ በታች ይመለስለታል። ስልኩ ላይ ግን «እንኳን ደስ አለዎት፣ አሸንፈዋል» የሚል መልእክት ይመጣለታል። 220 ከፍሎ 59.40 የተሰጠው ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሲባል እኔ አይገባኝም።

ለማስታወስ የሚቀል ነገር ልስጣችሁ። በያንኪ ሁለት ብቻ ገብተው ብራችሁ እንዲመለስ የሁለቱ ኦድ ብዜት 11 መድረስ አለበት፤ ምክንያቱም የከፈላችሁት አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ሁለቱም እኩል ኦድ ካላቸው እያንዳንዳቸው ከ3.30 በላይ ማለት ነው። ያን ያህል ኦድ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያሸንፋል ተብሎ የማይጠበቀው ቡድን ነው። በትሪክሲ ይቀላል፣ ብዜቱ 4 ከደረሰ ይበቃል፤ 2.00 እና 2.00 እንደማለት።

ሰፈራችን ውስጥ የማየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰው «እርግጠኛ» የሚላቸውን ጨዋታዎች ይሰበስባል፤ ትልልቅ ክለቦች በሜዳቸው፣ ኦድ 1.30፣ 1.25። ከዚያ «ለጥንቃቄ» ያንኪ ያደርገዋል። እስቲ አራቱንም 1.30 እናድርግና መስመሩን በ10 ብር እንቁረጥ፣ ክፍያው 110 ብር። ሦስቱ ገቡ። ሦስት ጥንድ እያንዳንዱ 1.69፣ አንድ ባለሦስት 2.197፤ ድምሩ 7.267። በ10 ብር 72.67። ከአራት ሦስት ጨዋታ በትክክል ገምታችሁ 37 ብር ከኪሳችሁ ወጣ! አራቱም ቢገቡ የሚመጣው 217.84 ነው፣ እጥፍ እንኳ አይሞላም። ሦስት ገብተው ያንኪ ቢያንስ የተከፈለውን እንዲመልስ ኦዶቹ እኩል ከሆኑ ወደ 1.56 አካባቢ መሆን አለባቸው። ከዚያ በታች ባለ ኦድ የሚቆረጥ ያንኪ ለጥንቃቄ ነው ቢባልም አንድ ጨዋታ ሲበላ አይጠብቃችሁም።

ተማሪዬ እዚህ ጋ ሲደርስ «እሺ ቲቸር፣ ግን በአጠቃላይ ሲታይስ ሲስተም ይሻላል አይደል? ባዶ እጅ ከመቅረት» አለኝ። ይሄንንም ሠራነው። የሚሸጠው ነገር ይሄ ነውና ትንሽ ልቆይበት።

አራት ጨዋታ አስቡ፣ እያንዳንዱ እንደ ሳንቲም ውርወራ ግማሽ በግማሽ ዕድል ያለው። ትክክለኛው ኦድ 2.00 ነው። ቤቱ ግን 2.00 አይሰጥም፣ የሚኖረው በልዩነቱ ነው፤ 1.90 ይሰጣል እንበል። አራት ጨዋታ በ16 ዓይነት መንገድ ሊያልቅ ይችላል፣ ሁሉም እኩል ዕድል አላቸው። መስመሩ 10 ብር የሆነ ያንኪ 16 ጊዜ ብትቆርጡና 16ቱም ውጤቶች አንድ አንድ ጊዜ ቢደርሱባችሁ፣ አንድ ጊዜ ምንም አይገባም፣ አራት ጊዜ አንድ ብቻ ይገባል፤ በእነዚህ አምስቱ ዜሮ ትወስዳላችሁ። ስድስት ጊዜ ሁለት ይገባል፣ በእያንዳንዱ 36.10 ብር። አራት ጊዜ ሦስት ይገባል፣ በእያንዳንዱ 176.89። አንድ ጊዜ አራቱም ይገቡና 621.28 ይመጣል።

ከ16ቱ አሥራ አንዱ ኪሳራ ነው። ግን ከእነዚያ አሥራ አንዱ ስድስቱ ኪሳራ አይመስሉም፣ ገንዘብ ተቀብላችሁ ነዋ የምትወጡት። 16ቱን ለመቁረጥ የከፈላችሁት 1760 ብር ነው፤ የተመለሰው ሲደመር 1545.44። ቤቱ ጋ የቀረው 214.56፣ ከመቶ አሥራ ሁለት ብር ግድም። ያንኑ 1760 ብር እያንዳንዱን ጨዋታ ለየብቻው በነጠላ ብታስቀምጡት ኖሮ ቤቱ ጋ የሚቀረው 88 ብር፣ ከመቶ አምስት ብቻ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቤቱ ከእያንዳንዱ ኦድ ላይ አምስት በመቶ ቆንጥሯል፤ ጥንድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆነጠረ፣ ባለሦስት ላይ ሦስት ጊዜ፣ ባለአራት ላይ አራት ጊዜ። ኦዱ ሲባዛ ቁንጠራውም አብሮ ይባዛል።

ሲስተም የሚያደርገው ነገር የለም ማለቴ አይደለም። አራቱንም በአንድ ደርድሮ ከመቁረጥ ጋር ሲወዳደር ባዶ እጅ የምትወጡበትን ቀን ይቀንሳል። በደረደረው ትኬት ከ16 ጊዜ 15ቱ ዜሮ ነው፣ ቁንጠራውም ከያንኪው ይበልጣል። ያንኪ ዜሮዎቹን ወደ አምስት ያወርዳል። ግን ከዜሮ ያወጣቸውን አብዛኞቹን ወደ ትርፍ አላሻገራቸውም፣ 110 ከፍሎ 36 ብር ወደመውሰድ ነው ያሻገራቸው።

ሁለት ነገር ስለ ትኬት አነባበብ ጨምሬ ላብቃ። አንደኛ፣ ስልክ ላይ ስትቆርጡ ብዙ ጊዜ «ያንኪ» የሚል ቃል አታገኙም። 2/4፣ 3/4 የሚሉ ቁጥሮች ናቸው ያሉት። 2/4 ማለት ስድስቱ ጥንዶች ብቻ ነው። 3/4 ማለት አራቱ ባለሦስቶች ብቻ፤ ሁለት ከገቡ ምንም የለም። ያንኪ የሚሆነው 2/4፣ 3/4 እና 4/4 ሦስቱም ሲመረጡ ነው። ትሪክሲ ደግሞ 2/3 እና 3/3 አንድ ላይ። ከላይ ያሳየኋችሁ አቋራጭ የሚሠራው ለሙሉው ብቻ ነው፤ 3/4 ቆርጣችሁ በእሱ ብታሰሉ ያልቆረጣችሁትን ጥንድ ትጠይቃላችሁ፣ ጥሉም ይቀጥላል። የምታስገቡት ብር ደግሞ ለእያንዳንዱ መስመር ይሁን ለጠቅላላው ተመልከቱ። «20» ብላችሁ በአሥራ አንድ ሊባዛ ይችላል፣ በአሥራ አንድ ሊካፈልም ይችላል። ትኬቱ ላይ የውርርዱ ብዛት ተጽፎ እንደሆነ ከብሩ ጋር አባዙትና ከከፈላችሁት ጋር አመሳክሩ።

ሁለተኛ፣ ግብር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር፤ ከ1000 ብር በታች የሆነውን ከግብሩ ነፃ አድርጎ። ኪሳራ ተቀናሽ አይደረግም። ተማሪዬ 329.04 ስለወሰደ አልነካውም። አራቱም ገብተውለት ቢሆን ግን 1385.14 ላይ በዚህ ተመን 207.77 ተቆርጦ 1177.37 ይደርሰው ነበር፤ የከፈለው 220 ከዚያ ላይ አይቀነስለትም። ትኬታችሁ ላይ ሌላ ተመን ካያችሁ በእሱ አስሉ።

ልጁ በማግስቱ ሄዶ ካሸሯን ይቅርታ ጠይቋል፤ ማኪያቶ ጋብዟታል አሉ። እሱን ለእነሱ እንተወው።

ለእናንተ ግን የቤት ሥራ አለኝ። አንድ ሰው ትሪክሲ ቆረጠ፣ ኦዶቹ 1.50፣ 1.75 እና 2.20፣ መስመሩ 25 ብር፣ ጠቅላላ ክፍያው 100 ብር። ከሦስቱ ሁለቱ ገቡለት። 100 ብሩ የሚመለስለት የትኞቹ ሁለቱ ቢገቡ ነው? ኮሜንት ላይ ስሌቱን ጭምር ጻፉ፤ መልስ ብቻ የጻፈ ዜሮ ነው፣ ታውቁኛላችሁ።